የሰቆጣን ማር ለሚያስተዋውቅ ቲክቶከር የሚሰጥ የሥራ መግለጫ፦ ምን ይባል? ምን ይቅር?

አንድ ነጋዴ ወይም ማኅበር ምርቱን እንዲያስተዋውቅለት ለቲክቶከር ሲከፍል፣ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሰጠው አንድ ማሰሮ፣ ስልክ ቁጥርና «አሳምረህ ሥራልን» የሚል ቃል ብቻ ነው። የቀረውን ቲክቶከሩ ከራሱ ይሞላዋል። ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ከተሞላው ነው። ይህን ለማስቀረት በሙያው «ብሪፍ» የሚባል አጭር የሥራ መግለጫ ይዘጋጃል። መግለጫው የግድ የሚባለውን፣ የማይባለውንና የአነጋገሩን ሁኔታ ይወስናል፤ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። እዚህ ለምሳሌ የምንወስደው ከሰቆጣና ከአካባቢው የዋግ ኽምራ ደጋ የሚመጣውን ነጭ ማር ነው። አንድ የንብ አናቢዎች ማኅበር ማሩን አዲስ አበባ ላሉ ገዢዎች በ45 ሰከንድ ቪዲዮ ማስተዋወቅ ፈልጓል እንበል።

መጀመሪያ ጊዜውን እንቁጠር። ሰው ሳይጣደፍ አማርኛ ሲናገር በሰከንድ ሁለት ቃል ያህል ይላል። ስለዚህ 45 ሰከንድ የሚይዘው 90 ቃል ገደማ ነው። ማኅበሩ አሥር ነገር «የግድ ይባል» ብሎ ከላከ ቲክቶከሩ እንደ ጨረታ አስነጋሪ ይሮጣል፤ ሰሚውም አንዱንም ሳይዝ ያልፋል። እኛ ከአራት ነጥብ እንዳያልፍ እንመክራለን።

የመጀመሪያው የክፍያው ነገር ነው። «ይህ ክፍያ የተቀበልኩበት ማስታወቂያ ነው» የሚለው አረፍተ ነገር አምስት ቃል ብቻ ስለሆነ ጊዜ የለም የሚል ምክንያት አይሠራም። ቃሉ በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ይነገር፤ መጨረሻ ላይ ከተደረገ አብዛኛው ተመልካች ሳይደርስበት ጣቱን አንሸራቶ ይሄዳል። ቲክቶክ ራሱም ቪዲዮው ሲጫን `Branded content` የሚለውን ምርጫ እንዲያበሩ ይጠይቃል፤ ሲበራ `Paid partnership` የሚል ምልክት ይወጣል። ምልክቱ እንግሊዝኛ ነውና የአማርኛውን ቃል አይተካም።

ሁለተኛው ማሩ ከየት ቀበሌ እንደመጣና መቼ እንደተቆረጠ ነው። የአካባቢው ዋና የማር ቆረጣ ክረምቱ አልፎ አበባው ከፈካ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በሰኔ ወር «ትናንት የተቆረጠ» የሚል ቪዲዮ ነገሩን የሚያውቅ ገዢ ወዲያው ይጠረጥረዋል። ሦስተኛው ክብደትና ዋጋ ነው። የሚነገረው ማድረሻው የተካተተበት ሙሉ ዋጋ ነው እንጂ «ከዚህ ብር ጀምሮ» አይደለም። ክብደቱም የማሩ ብቻ ይሁን፤ ማሰሮው አይመዘን።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ማር ሲቆይ፣ በተለይ ሲበርደው፣ ይረጋል። ይህ የማር ተፈጥሮ ነው። ቪዲዮው ላይ የሚፈስ ማር ያየ ገዢ ቤቱ የረጋ ሲደርሰው «ስኳር ሸጣችሁልኝ» ብሎ አስተያየት ይጽፋል፤ ከሥሩ ሃምሳ ሰው ይከተለዋል። ስለዚህ ቲክቶከሩ የረጋውን ማር ራሱን በማንኪያ አውጥቶ ያሳይ። ማቅለጥ የፈለገ ሰው ማሰሮውን እሳት ላይ ሳይጥድ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እንዲያቆየው ይናገር።

ወደማይባለው ስንመጣ የመጀመሪያው «ያድናል» የሚለው ነው። ማስታወቂያው ለሙስሊም ገዢ ሲሆን ፈተናው ይበረታል፤ ሱረቱ አን-ነሕል ማር ለሰዎች ፈውስ እንዳለበት ይናገራልና። አንቀጹ የአላህን ችሎታ የሚያሳይ ነው እንጂ ለአንድ ማኅበር ማሰሮ የተሰጠ ምስክር ወረቀት አይደለም። ቲክቶከሩ አንቀጹን ቀርቶ ወዲያው «ስልኩ ይኸውና» ሲል፣ ሰሚው ማሩን መጠራጠር ቁርኣንን መጠራጠር ይመስለዋል። የስኳር ሕመምተኛ እናት ይህን ሰምተው መድኃኒታቸውን አቁመው ማር ቢጀምሩ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ማር በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል። በመግለጫው ላይ «የማንኛውም በሽታ ስም አይነሳ፤ አንቀጽና ሐዲስ ለሽያጭ አይቀርብ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ማር ሲልስ ማሳየትም ፈጽሞ ይከልከል። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ረቂቅ ተሕዋስ ለዚህ ዕድሜ አደገኛ መርዝ ሊፈጥር ይችላል።

ሁለተኛው ክልከላ የቤት ውስጥ ፈተና ነው። ማርን ውኃ ላይ ጠብ ማድረግ፣ በክብሪት ማቃጠል፣ ወረቀት ላይ ማንጠብጠብ ለካሜራ ያምራል። ግን በደንብ የተዘጋጀ ሽሮፕ የተቀላቀለበት ማር ሊያልፈው ይችላል፤ ውኃ የበዛበት እውነተኛ ማር ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። ስኳር መቀላቀል አለመቀላቀሉን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ማኅበሩ የምርመራ ውጤት ካለው ወረቀቱን ከመግለጫው ጋር ያያይዝ፤ ቲክቶከሩም ምርመራው የተደረገበትን ቀን ይጥቀስ። ከሌለው «ከአናቢዎቹ በቀጥታ የተረከብነው» ይበል፤ «መቶ በመቶ ንጹህ» የሚለው ይቅር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ሦስተኛው የምስሉ ነገር ነው። የዋግ ስም በዜና ሲነሳ ብዙ ጊዜ ከድርቅና ከመፈናቀል ጋር ነው። ማር ለመሸጥ የተራበ ልጅ ፊት ማሳየት ገዢውን በኀዘኔታ ማስያዝ ነው፤ ለልጁም ውርደት ነው። ይልቅ አናቢው ቀፎው ዘንድ ሆኖ ሥራውን ያስረዳ። አፍ መፍቻው ኽምጣና ከሆነ በኽምጣና ይናገር፤ አማርኛው ከሥር ይጻፍ። ፈቃዱ ደግሞ ከቀረጻ በፊት ይጠየቅ፤ ቪዲዮው የት እንደሚወጣም ይነገረው።

ስለ አነጋገር አንድ ነገር ላይ አጥብቀን እንቆማለን፤ እሱም «ወላሂ» ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ በሽያጭ ላይ መማል ዕቃውን ቢያሸጥም በረካውን እንደሚያጠፋ ያስተምራል። ተከፍሎት የሚናገር ሰው መሐላ ሲጨምርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የመግለጫው ቃል «እንደ ጎረቤት፣ ሳትጮህ፣ ሳትምል ተናገር» ቢሆን በቂ ነው። ሙዚቃ ካልተፈለገም አስቀድሞ ይጻፍ፤ የንቡ ድምፅና የማንኪያው ድምፅ ለ45 ሰከንድ ይበቃሉ።

የቀረው የአሠራር ነገር ነው። የንግግሩ ጽሑፍ ከቀረጻ በፊት ለማኅበሩ ይላክ፤ ማኅበሩ በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ያርም። እርማቱ የተሳሳተ መረጃ ላይ ይሁን እንጂ ቲክቶከሩ ስለ ጣዕሙ የሰጠውን አስተያየት አይንካ። «ለኔ ትንሽ በጣም ጣፋጭ ነው» ካለ ይተዉለት፤ ሌላውን ቃሉን የሚያሳምነው እሱ ነው። ለአስተያየቶች የሚመልሰው ማን እንደሆነ፣ ማኅበሩ ቪዲዮውን እስከ መቼ መጠቀም እንደሚችልና ማሩ ሲያልቅ በስንት ሰዓት ውስጥ «አልቋል» ተብሎ እንደሚጻፍ በመግለጫው ይግባ። የዘንድሮው ማር አልቆ ቪዲዮው ሲዞር ከቆየ፣ በዚያው ምስል የሌላ አገር ማር የሚሸጥ አይጠፋም።