ዋልካና አሸዋ ከሸክም በታች

ዋልካ በደብረ ማርቆስና በቢቸና ዙሪያ ሜዳውን የሸፈነው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። የአሸዋ ቅንጣት በዓይን ይታያል፤ የሸክላ ቅንጣት ግን ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው።

ውሃ በጠገበ አፈር ላይ ቤት ሲቆም፣ የተጨመረውን ጭነት መጀመሪያ የሚሸከመው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ነው። በአሸዋ ውስጥ መተላለፊያው ሰፊ ስለሆነ ውሃው ወዲያው ይሸሻል፤ ቅንጣቶቹም ተደጋግፈው ጭነቱን ይረከባሉ። አሸዋ በአብዛኛው የሚሰምጠው ግንባታው ሳያልቅ ነው። ከሸክላ ግን ውሃው የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ፣ ሰው ከገባበት በኋላም ቤቱ ለዓመታት ዝቅ ይላል።

መሐንዲሱ ካርል ቴርዛጊ እንዳሳየው፣ የመስመጡ ጊዜ የሚያድገው ውሃው ለመውጣት በሚጓዘው ርቀት ስኩዌር ነው። 4 ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ ከላይም ከታችም ውሃ ቢያወጣ ረጅሙ ጉዞ 2 ሜትር ነው። የአፈሩ የመጠቅጠቅ ፍጥነት መለኪያ በዓመት 1 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ 90 በመቶው መስመጥ 3.4 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ጥቁር ድንጋይ ካለ ግን ርቀቱ 4 ሜትር፣ ጊዜውም አራት እጥፍ፣ ማለትም 13.6 ዓመት ያህል ይሆናል።

ይህ ስሌት ዓመቱን ሙሉ ውሃ ለጠገበ አፈር ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ያብጣል፤ ቀላል ቤትንም ሽቅብ ይገፋል። በመስኮት ማዕዘን ላይ ያለ ስንጥቅ ከወቅቱ ጋር የሚጠብና የሚሰፋ ከሆነ እብጠትን፣ ሳይመለስ እየሰፋ ከሄደ ደግሞ መስመጥን መጠርጠር ይገባል።