ዝግ ቀጣና

አንድ ነጋዴ ለታሸገ ውኃ ፋብሪካ «የሐዋሳ ከተማ ኤክስክሉሲቭ አከፋፋይ ልሁን» ብሎ ጻፈ እንበል። ፋብሪካው እሺ አለ። ነጋዴው የገባው «ከእኔ በቀር ሐዋሳ ላይ የሚሸጥ የለም» የሚል ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ «ሌላ አከፋፋይ አልሾምም፣ እኔ ራሴ ግን እሸጣለሁ» ብሎ ነው የፈረመው። እንግሊዝኛው ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። እኛ ሁለቱንም «ብቸኛ አከፋፋይ» ስለምንል ጠቡ የሚጀምረው የፋብሪካው መኪና ከተማ ውስጥ ሲታይ ነው።

ስለዚህ «ብቸኛ አከፋፋይ» ለፋብሪካው ሐሳብ ይቆይ፤ ፋብሪካው ራሱ የማይገባበትን ደግሞ «ዝግ ቀጣና» ብንለውስ? «ክልል» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናትና አንባቢው ግራ ይጋባል።

ዝግነቱ ልክ አለው። ፋብሪካው ቀድሞ የያዛቸውን ሆቴሎች ለራሱ ማስቀረት ይፈልጋል። ይህን «ትልልቅ ደንበኞች» ብሎ መጻፍ አያዋጣም፤ የዛሬው ኪዮስክ ነገ ትልቅ ይሆናል። ሆቴሎቹ በየስማቸው በአባሪ ይዘርዘሩ።

ዋናው ጣጣ ያለው ኮታው ላይ ነው። ነጋዴያችን በወር 3,000 እሽግ፣ በሩብ ዓመት 9,000 ለመሸጥ ቃል ገብቷል። ፋብሪካ እንደ ልማዱ የሚቆጥረው ከራሱ መጋዘን የወጣውን ነው። እንዲህ ከሆነ ነጋዴው በመጨረሻው ሳምንት ብዙ አዝዞ ኮታውን ይሞላል፤ በቀጣዩ ወር ትእዛዙ ድንገት ይጠፋል። ኮታው በሽያጭ ሳይሆን በትእዛዝ የመሞላቱ ምልክት ይኸው ነው። መድኃኒቱ የአከፋፋዩን መጋዘን መቁጠር ነው፦ ባዶ መጋዘን ይዞ ጀምሮ 9,000 እሽግ ቢረከብና 2,600 ቢተርፍ፣ የሸጠው 6,400 ነው፤ ይህም 71 በመቶ ገደማ ነው። በሌላ በኩል ነጋዴው አዝዞ ፋብሪካው ያላቀረበለት እሽግ ከኮታው ይቀነስለት። አብዛኛው አመልካች ይህችን አንቀጽ መጠየቅ ይረሳል።

የግምገማው ጊዜ 6 ወር ቢሆን ይበቃል። ሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመት ከ80 በመቶ በታች ከተሸጠ ቀጣናው ይከፈት፤ ማከፋፈሉ ግን ይቀጥል። ነጋዴው መጋዘን ተከራይቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሳለ ሁሉን በአንድ ቀን መንጠቅ ለፋብሪካውም ገበያ ማጣት ነው። ቀጣናው ከመከፈቱ በፊት ግን ነጋዴው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 መሠረትም ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት።

ሐሳቡን የምታቀርቡት እናንተ ከሆናችሁ፣ የ6 ወሩ ቆጠራ ከፊርማው ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ጭነት መጋዘናችሁ ከገባበት ቀን እንዲጀምር አስጽፉ።