ስልክን ከማጽዳት በፊት፦ ኮከብ፣ ፒን እና የተቀመጠ መልእክት ምን ያህል ያቆያሉ?

በካፋ ዞን የቡና ለቀማ በሚካሄድባቸው ወራት የአምራቹ ስልክ ከወትሮው ይልቅ ሥራ ይበዛበታል። የእሸት ቡና ርክክብ ቀን በማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን ይነገራል፤ የሚዛን ደረሰኝ በዋትስአፕ በፎቶ ይላካል፤ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ሲገባ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሳል። በዚህ መካከል ስልኩ ማከማቻው መሙላቱን ያስታውቃል፤ ባለቤቱም ቦታ ለማግኘት ሲል ያገኘውን ሁሉ መሰረዝ ይጀምራል።

ጉዳቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳባቸው ከተመረመረ በኋላ ለአባላት የሚያከፋፍሉት የትርፍ ድርሻ የሚሰላው እያንዳንዱ አባል ባስረከበው ምርት መጠን ጭምር ነው። በመዝገብ የሰፈረው ኪሎ አንሶ ከተገኘ አባሉ የሚያቀርበው ማስረጃ ደረሰኙ ነው። የወረቀቱ ደረሰኝ በዝናብ ርሶ ወይም ጠፍቶ፣ ፎቶውም በጽዳት ጊዜ ተሰርዞ ከሆነ አቤቱታው በቃል ብቻ ይቀራል።

ለዚህ ቀላሉ መላ ከጽዳቱ በፊት ጥቂት መልእክቶችን ለይቶ ማቆየት ነው። መልእክት መላላኪያዎቹ ሦስት ዓይነት መንገድ አላቸው፤ እነዚህም ኮከብ ማድረግ፣ ፒን ማድረግ እና በተቀመጡ መልእክቶች ውስጥ ማኖር ናቸው። ሦስቱ ሲታዩ ቢመሳሰሉም የሚያቆዩት ነገር አንድ አይደለም።

ስልኩን የሚሞላው ጽሑፍ አይደለም

ከሁሉ አስቀድሞ ምን መሰረዝ እንደሌለበት ማወቅ ይጠቅማል። በአማርኛ የተጻፈ አንድ አጭር መልእክት ቢበዛ 70 ፊደል ይይዛል፤ ክብደቱም 140 ባይት ነው። 14 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ አጭር ቪዲዮ የሚይዘው ቦታ ታዲያ ከ100 ሺህ እንዲህ ዓይነት መልእክቶች ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ የባንክና የቴሌብር መልእክቶችን መሰረዝ ለስልኩ የሚያስገኘው ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቦታውን የያዙት በየቡድኑ የሚላኩ ቪዲዮዎች፣ የበዓል መልካም ምኞት ሥዕሎችና የድምፅ መልእክቶች ናቸው።

በመሆኑም የክፍያ መልእክቶች እንዳሉ ይተዉ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ በሚገኘው የጎግል መልእክት መተግበሪያ አንዱን መልእክት በጣት ጫን ብሎ በማቆየት ኮከብ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም በኋላ ፈልጎ ለማግኘት ይረዳል። ይሁን እንጂ ከባንኩ የመጣው የመልእክት ሰንሰለት በሙሉ ከተሰረዘ ኮከብ ያለበትም አብሮ ይሄዳል።

ኮከብ ምልክት ነው፤ ቅጂ አይደለም

በዋትስአፕ አንድን መልእክት ጫን አድርጎ ይዞ ከላይ የሚወጣውን የኮከብ ምልክት መንካት በቂ ነው። ኮከብ የተደረገባቸው ሁሉ «Starred» በሚለው ዝርዝር ውስጥ በአንድነት ይገኛሉ። ምልክቱን የሚያየው ያደረገው ሰው ብቻ ነው፤ ላኪው አያውቅም።

የኮከቡ ዋና ጥቅም በጽዳት ጊዜ ይታያል። አንድን ውይይት «Clear chat» በሚለው ትእዛዝ ባዶ ሲያደርጉ ዋትስአፕ ኮከብ ያለባቸው መልእክቶች ይሰረዙ ወይስ ይቆዩ የሚል ምርጫ ያቀርባል። የምርጫው አጻጻፍ እንደ ስልኩ ዓይነት ስለሚለያይ ከመጫን በፊት ማንበብ ያስፈልጋል። «Delete chat» የሚለው ግን ሌላ ትእዛዝ ነው፤ ውይይቱን ከነጭራሹ ያስወግዳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ነው። ኮከብ የመልእክቱን ቦታ ያመለክታል እንጂ ሁለተኛ ቅጂ አያዘጋጅም። ዋትስአፕ ፎቶው ለተቀባዩ ከደረሰ በኋላ በራሱ ሰርቨር አያቆየውም፤ ፎቶው ያለው በስልኩ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ለደረሰኙ ኮከብ አድርጎ ሲያበቃ ወደ ጋለሪ ገብቶ የዋትስአፕ ሥዕሎችን በጅምላ ቢሰርዝ ኮከቡ በዝርዝሩ ውስጥ ይቀራል፤ ፎቶው ግን የለም። ዝርዝሩ ሲከፈት ከደብዛዛ ምስል በቀር የሚታይ አይኖርም፤ ላኪው እንደገና ካልላከውም ላይመለስ ይችላል። ለድምፅ መልእክትም እንዲሁ ነው።

ፒን የቡድን ማስታወቂያ ነው

ፒን የተደረገ መልእክት በውይይቱ አናት ላይ ተሰክቶ ይታያል። እንደ ኮከብ የግል አይደለም፤ በቡድን ውስጥ ፒን የተደረገውን ሁሉም አባላት ያዩታል። ስለዚህ የርክክብ ቀንን፣ የመሰብሰቢያ ቦታን ወይም የማዳበሪያ ስርጭት ተራን ለማሳወቅ የተመቸ ነው።

ለማስረጃ ማቆያነት ግን አይሆንም። በዋትስአፕ ፒን የሚቆየው ለ24 ሰዓት፣ ለ7 ቀን ወይም ቢበዛ ለ30 ቀን ነው፤ ከዚያ በራሱ ይነሳል። በኅዳር ፒን የተደረገ ደረሰኝ የትርፍ ድርሻ በሚከፈልበት ጊዜ ከአናት ወርዶ በመቶዎች በሚቆጠሩ መልእክቶች ሥር ተቀብሮ ይገኛል። በቴሌግራም ፒን እስኪነሳ ድረስ ይቆያል፤ ሆኖም በቡድን ውስጥ የማንሳት ሥልጣን በአብዛኛው የአስተዳዳሪው ነው። መልእክቱ ከተሰረዘ ወይም ቡድኑ ከፈረሰ ፒኑም አብሮ ይጠፋል።

የተቀመጠ መልእክት ራሱን የቻለ ቅጂ ነው

ቴሌግራም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ «Saved Messages» የሚል የግል ማኖሪያ ይሰጣል። አንድን መልእክት ጫን አድርጎ ይዞ ማስተላለፊያ ቀስቱን በመንካት ከሚወጣው የስም ዝርዝር ውስጥ ይህንኑ መምረጥ ነው። ወደዚያ የተላለፈው ራሱን የቻለ ቅጂ በመሆኑ ላኪው በኋላ ዋናውን ቢሰርዘው ወይም ተጠቃሚው ከቡድኑ ቢወጣ እንኳ አይጠፋም።

ሌላው ልዩነት ቅጂው የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር መሆኑ ነው። በማከማቻ ቅንብሩ ውስጥ «Clear Cache» የሚለው ትእዛዝ በስልኩ ላይ የወረዱትን ቪዲዮዎችና ፎቶዎች ያጸዳል እንጂ መልእክቶቹን አይሰርዝም። የተቀመጠው ፎቶ ሲፈለግ በኢንተርኔት እንደገና ይወርዳል። ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅም በዚያው ስልክ ቁጥር በሌላ ስልክ ሲገባ ይገኛል። በአንጻሩ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ከጽዳት በኋላ ፎቶውን መክፈት አይቻልም።

አንድ ምሳሌ

በጊምቦ ወረዳ የሚኖር አንድ ቡና አምራች ስልኩ ሞልቶበታል እንበል። ከጽዳቱ በፊት የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ የማኅበሩ ጸሐፊ በዋትስአፕ የላከለት የሚዛን ደረሰኝ፣ የክፍያው አጭር መልእክት እና የግብርና ባለሙያ በቴሌግራም ቡድን የላከው የድምፅ ማብራሪያ።

በመጀመሪያ የደረሰኙን ፎቶ በዋትስአፕ ኮከብ ያደርጋል፤ ከዚያም ያንኑ ፎቶ ከዋትስአፕ ወደ ቴሌግራም የተቀመጡ መልእክቶች ያጋራዋል። የድምፅ ማብራሪያውንም ወደዚያው ያስተላልፋል። ሦስተኛውን፣ የክፍያውን መልእክት፣ አይነካውም፤ ይዘቱን ብቻ ገልብጦ ከፎቶው ሥር ይለጥፋል።

ቀጥሎ በፎቶው ላይ ያለውን በጽሑፍ ያሰፍራል፤ ለምሳሌ፦ «ኅዳር 12፣ እሸት ቡና 186 ኪሎ፣ የደረሰኝ ቁጥርና የቴሌብር የግብይት ቁጥር»፤ ቁጥሮቹንም ያስከትላል። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ፎቶ በቃል ፍለጋ አይገኝም፤ ጽሑፍ ግን «ቡና» ብሎ በመፈለግ ወዲያው ይገኛል። ፎቶው ደብዝዞ ቢነበብ እንኳ ቁጥሩ በጽሑፍ አለ።

ጽዳቱን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በዋትስአፕ የማከማቻ ዝርዝር ውስጥ ከባድ ቪዲዮዎችን መርጦ ይሰርዛል፤ በቴሌግራም ደግሞ የወረዱትን ፋይሎች ያጸዳል። ጋለሪ ውስጥ ገብቶ በጅምላ አይሰርዝም። በመጨረሻም ኮከብ ያደረገበትን ደረሰኝ ከዝርዝሩ ይከፍተዋል፤ ኢንተርኔት አብርቶም የተቀመጠውን ቅጂ ይከፍታል። ሁለቱም ጥርት ብለው ከተከፈቱ ጽዳቱ ያለ ጉዳት ተጠናቋል። ኮከቡ ያለበት ደብዝዞ ከታየ ጸሐፊው የራሱን ሳይሰርዝ በዚያኑ ቀን እንዲልክለት መጠየቅ ይሻላል።

ወሰኑ የት ላይ ነው?

የተቀመጡ መልእክቶች የምስጢር ቁጥር ማኖሪያ አይደሉም። የቴሌግራም መለያውን በማታለል የያዘ ሰው በውስጡ ያለውን ሁሉ ያነባል። የባንክና የቴሌብር የምስጢር ቁጥር፣ እንዲሁም ለአንድ ጊዜ የሚላክ ማረጋገጫ ቁጥር በዚያ አይቀመጡም። ኪሎ፣ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥርና የግብይት ቁጥር ግን ያለ ሥጋት ሊቀመጡ ይችላሉ።

በዋትስአፕ የመጥፊያ ጊዜ በተወሰነለት ውይይት ውስጥ ኮከብ ማድረግ ብቻውን መልእክቱን አያድነውም። ጊዜው ሲደርስ ኮከብ ያለበትም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ውይይት ውስጥ የመጣ ደረሰኝ በደረሰበት ሰዓት ወደ ሌላ ቦታ መተላለፍ አለበት።

ተራ የቁልፍ ስልክ የያዘ አምራች ደግሞ ከሦስቱ መንገዶች አንዱንም ላያገኝ ይችላል። የመልእክት ሳጥኑ ሲሞላ የሚሰርዘው ከማስታወቂያ መልእክቶች ጀምሮ ይሁን፤ የክፍያውን የግብይት ቁጥርና ቀን ግን አስቀድሞ በደብተር፣ ከደረሰኙ ኪሎ አጠገብ ይጻፍ። ይህ ቁጥር ካለ መልእክቱ ቢጠፋም ክፍያው ከከፋዩ ድርጅት መዝገብ ሊፈለግ ይችላል።