በግእዝም በላቲንም ፊደል የሚነበብ የንግድ ስም አመራረጥ፦ ለሰርግና ለዝግጅት አስተባባሪዎች

በመቀሌ ከተማ ኲሓ ውስጥ ሰርግና ልዩ ልዩ ዝግጅቶችን የማስተባበር ሥራ ለመጀመር ያሰበ አመልካች «ኲሓ መርዓ» የሚል የንግድ ስም መረጠ እንበል። መርዓ ሰርግ ማለት በመሆኑ ስሙ በግእዝ ፊደል ለትግርኛ አንባቢ ግልጽ ነው። ችግሩ የሚመጣው በላቲን ሲጻፍ ነው። የቦታው ስም Quiha፣ Kwiha ወይም Quha ተብሎ ስለሚጻፍ፣ አንዱን አጻጻፍ የያዘ ደንበኛ በሌላው የተጻፈውን ድርጅት በስልኩ ፈልጎ ላያገኝ ይችላል። Mera ሲባል ደግሞ የ«ዓ» ድምፅ ይጠፋል፤ me «መ»ም «ሜ»ም ሊሆን ስለሚችል ስሙ «መራ» ወይም «ሜራ» ተብሎ ይነበባል። ሰርግነቱም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት የላቲኑን ጽሑፍ ብቻ ስሙን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ሰጥተው በግእዝ ፊደል እንዲጽፈው ይጠይቁ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ ወይም ዐ ያለባቸው ስሞች በብዛት የሚዛቡት እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል «ሰናይ መድረክ» Senay Medrek ተብሎ ሲጻፍ በአብዛኛው ሳይዛባ ይመለሳል።

ይህ ስም ቀድሞ ተይዞ ቢገኝ ግን «ሠናይ» ብሎ ፊደል መለወጥ መፍትሔ አይሆንም፤ ሁለቱ ሲነገሩም በላቲን ሲጻፉም አንድ ናቸው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነ ወይም አሳሳች ተመሳሳይነት ያለው ስም አይመዘገብም። የተመረጠው የላቲን አጻጻፍም በማመልከቻው፣ በባንክ ሒሳቡ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳውና በጥሪ ካርዱ ላይ ያለ ለውጥ ሊጻፍ ይገባል።