የሳንገር ክሮማቶግራም አነባበብ

የሳንገር ክሮማቶግራም በሳንገር ዘዴ የተነበበ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል በአራት ቀለማት፣ ተራ በተራ በሚወጡ ጉብታዎች የሚታይበት ግራፍ ነው። ዘዴውን ፍሬድሪክ ሳንገርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሠርተው በ1977 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። ብዙ ጊዜ A በአረንጓዴ፣ C በሰማያዊ፣ G በጥቁር፣ T በቀይ ይሳላል። ሶፍትዌሩ ከየጉብታው በላይ አንድ ፊደል ያስቀምጣል፤ ፊደሉ ግን የሶፍትዌሩ ፍርድ ነው፤ ማስረጃው ጉብታው ራሱ ነው።

የጉብታው አመጣጥ

በአንዱ ቱቦ ውስጥ የሚነበበው ዲኤንኤ፣ አንድ ፕራይመር፣ ፖሊሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም፣ አራቱ መደበኛ ኑክሊዮታይዶች እና በጣም ያነሱ ዳይዲኦክሲ ኑክሊዮታይዶች ይገኛሉ። መደበኛው ኑክሊዮታይድ በስኳሩ 3ኛ ካርቦን ላይ OH አለው፤ ቀጣዩ ኑክሊዮታይድ የሚያያዘው በዚህ OH ላይ ነው። ዳይዲኦክሲው በዚያ ቦታ ያለው H ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ የገባበት ሰንሰለት ከዚያ በኋላ ሊረዝም አይችልም። ኢንዛይሙ ግን አልተበላሸም፤ ሌላ ሰንሰለት መሥራቱን ይቀጥላል።

ዳይዲኦክሲው ጥቂት በመሆኑ ሰንሰለቶቹ በአጋጣሚ በተለያየ ቦታ ይቆማሉ። በመጨረሻ በየርዝመቱ የቆሙ ብዙ ሰንሰለቶች ይከማቻሉ፤ እያንዳንዱም በመጨረሻው ቤዝ ዓይነት የተለየ ቀለም ይይዛል። በቀጭን ካፒላሪ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲሳቡ አጫጭሮቹ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ሌዘርም ቀለማቸውን ያበራል። ስለዚህ አንድ ጉብታ የአንድ ሞለኪውል ምልክት ሳይሆን እኩል ርዝመት ያላቸው የብዙ ሞለኪውሎች ድምር ነው። በአንድ ቦታ ሁለት ጉብታ ሲደራረብ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ይህን ለያዘ አንባቢ ነው።

ምሳሌ፦ የሲክል ሴል ለውጥ

በ HBB ጂን መጀመሪያ አካባቢ ጤናማው ቅደም ተከተል CCTGAGGAG ነው። በሲክል ሴል በሽታ የመጀመሪያው GAG ወደ GTG ይለወጣል። አንዱን ቅጂ ከአባት ጤናማ፣ ሌላውን ከእናት የተለወጠ የወረሰ ሰው ዲኤንኤ ሲነበብ፣ ከሰንሰለቶቹ ግማሽ ያህሉ በዚያ ርዝመት በ A፣ ግማሽ ያህሉ በ T ይቆማሉ። በክሮማቶግራሙ ላይ አረንጓዴና ቀይ ጉብታ በአንድ ቦታ ይቆማሉ፤ እያንዳንዳቸውም ጎረቤቶቻቸውን የሚያህል ቁመት አይኖራቸውም። ሶፍትዌሩ N ሊጽፍ ይችላል፤ ትክክለኛው ምልክት ግን «A ወይም T» ማለት የሆነው W ነው፦ CCTGWGGAG።

ይህ ኖይዝ አለመሆኑ በሦስት ነገር ይታወቃል። ሁለቱ ጉብታዎች ጫፋቸው አንድ ላይ ይገጥማል፤ በዙሪያቸው ያሉት ጉብታዎች ንጹሕና ነጠላ ናቸው፤ ከተቃራኒው ፕራይመር ሲነበብም ያው ቦታ CTCCWCAGG ሆኖ ይወጣል። ከሦስቱ ጠንካራው የመጨረሻው ነው፤ ኖይዝ በሁለቱም አቅጣጫ በዚያው ቤዝ ላይ መውደቁ እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ኖይዝ የሚታወቅበት

ከፕራይመሩ ቀጥለው ያሉት የመጀመሪያዎቹ 20 እስከ 40 ቤዞች ብዙ ጊዜ የተዘበራረቁ ናቸው። ስለዚህ ፕራይመሩ ለውጡ አጠገብ ከተቀመጠ የሚፈለገው ቤዝ ከማይነበበው ክፍል ይገባል። ይህ ስሕተት ከክሮማቶግራሙ በፊት፣ በዕቅዱ ላይ የሚሠራ ነው። ከ700 ቤዝ ገደማ በኋላ ደግሞ ጉብታዎቹ ይሰፋሉ፣ ይነካካሉም፤ በዚያ ክፍል ሦስት A ይሁን አራት መለየት ያስቸግራል።

ሌላው የተለመደ ነገር፣ ብዙ ጊዜ በ70ኛው ቤዝ አካባቢ የሚታይ ሰፊ ጉብታ ነው። ከናሙናው ሳይታጠብ የቀረ ቀለም ያመጣዋል። ወርዱ ብዙ ቤዞችን ስለሚሸፍንና ከሥሩ ትክክለኛዎቹ ጠባብ ጉብታዎች ስለሚታዩ ከእውነተኛ ለውጥ ይለያል። ድርብ ጉብታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከተከታተለ ግን ምናልባት ናሙናው ተቀላቅሏል ወይም ፕራይመሩ ሁለት ቦታ ተጣብቋል። እስከ አንድ ቦታ ንጹሕ ሆኖ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ድርብ ከሆነ፣ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ቤዝ ጎድሎት ወይም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

የጥራት ቁጥሩ ይረዳል፤ Q20 ከ100 አንድ፣ Q30 ከ1000 አንድ የስሕተት ዕድል ማለት ነው። ሆኖም ከላይ እንደታየው ያለ እውነተኛ ድርብ ጉብታም ዝቅተኛ Q ያገኛል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን ቤዙን ለመጣል በቂ አይደለም።

በላቦራቶሪ ዘገባ

በዘገባ ላይ «ዳይዲኦክሲው ኢንዛይሙን ያቆማል» የሚለው አጻጻፍ ስሕተት ነው፤ የሚቆመው ሰንሰለቱ ነው፣ ምክንያቱም 3ኛው ካርቦን ላይ OH የለም። እንዲሁም የተነበበው አዲስ የተሠራው ሰንሰለት እንጂ ፕራይመሩ የተጣበቀበት አይደለም። ለምሳሌው የሚስማማ አጻጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «በ CCTGWGGAG ውስጥ A እና T ተቀራራቢ ቁመት ይዘው በአንድ ቦታ ታይተዋል። በዚህ ርዝመት የቆሙት ሰንሰለቶች ከፊሉ በዳይዲኦክሲ A፣ ከፊሉ በዳይዲኦክሲ T ስላበቁ፣ ናሙናው ሁለቱንም የጂን ቅጂዎች ይዟል። የተቃራኒው አቅጣጫ ንባብም ይህንኑ አሳይቷል።» የሁለቱ ጉብታዎች ቁመት ትክክለኛ መቶኛ ተደርጎ አይጻፍም፤ ከድብልቁ 15 እስከ 20 በመቶ በታች የሆነ ቅጂ ደግሞ ከኖይዙ ተለይቶ አይታይም።