ለኦሳካ ጅምላ ነጋዴ የተጻፈ ደብዳቤ
አዲስ አበባ፣ መርካቶ፤ 1950ዎቹ ዓ.ም.
በታይፕ የተመታ፤ በሱቁ የቀረ የካርቦን ግልባጭ

ባለሱቁ የሚነግደው ፔርሙዝ ነው። ካታሎግ እንዲላክለት በአንድ መስመር ጠይቆ ያልፋል። ዝቅተኛው የትእዛዝ መጠን ላይ ግን ይደራደራል፤ ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባቡር አዲስ አበባ እስኪደርስ የውስጡ መስታወት ስለሚሰበር፣ መለዋወጫ መስታወቱም ከትእዛዙ ጋር ተደምሮ እንዲቆጠርለት ይፈልጋል። ብልህ ጥያቄ ነው!

የወኪልነት ፈቃዱ ለእሱ ብቻ እንዲሰጥ የሚጠይቀው መስመር በቀይ እርሳስ ተሰምሮበታል። ያለዚያ ጎረቤቱ ያንኑ ፔርሙዝ ከዚያው ነጋዴ አስመጥቶ ዋጋ ይሰብርበታል። አቅራቢዎች ብቸኛ ወኪልነት የሚሰጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ስንት እንደሚገዛ ቃል ለገባላቸው ነው። ባለሱቁ ይህን ቁጥር አልጻፈም።