ሒሳባዊ ኢንዳክሽን፦ መነሻና መሸጋገሪያ

ሒሳባዊ ኢንዳክሽን አንድ አባባል ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያለ ማለቂያ ለሌላቸው ቁጥሮች ሁሉ እውነት መሆኑ የሚረጋገጥበት ዘዴ ነው። ሁለት ክፍል አለው። «ቤዝ ኬዝ» የሚባለውን እዚህ መነሻ እንበለው፤ አባባሉ ለመጀመሪያው ቁጥር እንደሚሠራ ማሳየት ነው። «ኢንዳክቲቭ ስቴፕ» ደግሞ መሸጋገሪያ ይባል፤ አባባሉ ለ k ከሠራ ለ k+1 የግድ እንደሚሠራ ያሳያል።

መነሻው ከተዘለለ ምን እንደሚከተል ለማየት ይህን የሐሰት ቀመር እንውሰድ፦ 1 + 2 + … + n = n(n+1)/2 + 5። ለ k እውነት ነው ብለን በሁለቱም ወገን k+1 ብንደምር ቀኙ (k+1)(k+2)/2 + 5 ይሆናል። መሸጋገሪያው እንከን አይወጣለትም። n = 1 ሲሆን ግን ግራው 1፣ ቀኙ 6 ነው። በሁለቱም ወገን የምንደምረው እኩል ስለሆነ ትርፉ 5 ሳይነካ ከቁጥር ወደ ቁጥር ይተላለፋል፤ በ5 ፋንታ 100 ብንጽፍም ያው ነው። የሚያጋልጠው መነሻው ብቻ ነው።

የመሸጋገሪያው ስህተት ይብሳል፤ ሁለቱም ክፍሎች ተጽፈው ስለሚታዩ ዓይን ያልፈዋል። ጆርጅ ፖሊያ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ በሴት ልጆች የዓይን ቀለም ያቀረበው እንቆቅልሽ በኋላ በላሞችም ይነገር ጀመር፦ የማንኛውም መንጋ ላሞች ሁሉ አንድ ቀለም አላቸው። መነሻው አንዲት ላም ናት፤ ከራሷ ጋር አንድ ቀለም ናት። መሸጋገሪያው እንዲህ ይላል። k ላሞች ሁልጊዜ አንድ ቀለም ናቸው እንበልና k+1 ላሞችን እናሰልፍ። የመጨረሻዋን ብናወጣ የቀሩት k ላሞች አንድ ቀለም ናቸው። እሷን መልሰን የመጀመሪያዋን ብናወጣም እንደዚሁ። መሃል ያሉት በሁለቱም ቡድን ስላሉ ሁሉም አንድ ቀለም ሆኑ።

አሁን k = 1 አድርጋችሁ እንደገና አንብቡት። ላሞቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ቡድን የመጀመሪያዋን፣ ሌላው ሁለተኛዋን ብቻ ይይዛል። መሃል ላይ ማንም የለም! ከ2 ወደ 3 መሻገሩ እኮ ትክክል ነው፤ ከዚያ በላይም እንዲሁ። የተሰበረው ከ1 ወደ 2 የሚወስደው ብቻ ቢሆንም መነሻው ያለው ከስብራቱ ወዲህ ስለሆነ ምንም አይሻገርም።

ስለዚህ ማረጋገጫ ሲመረመር የመነሻው ቁጥር በመሸጋገሪያው ውስጥ በ k ቦታ ገብቶ መነበብ አለበት። «መሃል ያሉት»፣ «ሌላ አንድ እንምረጥ» የሚሉ ሐረጎች k ቢያንስ ስንት መሆን እንዳለበት ሳይናገሩ ይወስናሉ።

2^n > n^2 በሚለው ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ለ1 እውነት ነው፤ 2 ከ1 ይበልጣልና። በተለመደው መሸጋገሪያ 2^k ሲባዛ በ2 ከ 2k^2 ይበልጣል፤ 2k^2 ደግሞ ከ (k+1)^2 የሚበልጠው k ቢያንስ 3 ሲሆን ነው። ከ1 መነሳት እንግዲህ አያዛልቅም፤ አባባሉ ራሱ ለ2፣ ለ3 እና ለ4 ሐሰት ነው። መነሻው ወደ 5 ሲዛወር ግን 32 ከ25 ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ መሸጋገሪያው ያለ እንከን ይሠራል።